ረጅም የገጠር መስመር ላይ ቮልቴጅ ሲወርድ፦ ሽቦ ይወፍር ወይስ ትራንስፎርመር ይጨመር?

መሃል አዲስ አበባ ሽቦ ለመግዛት ከሚመጡ የወፍጮ ባለቤቶች፣ የወረዳ ቴክኒሻኖችና ተቋራጮች አንድ ጥያቄ ይደጋገምብናል፦ «መስመራችን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ጫፉ ላይ ኃይሉ ደክሟል፤ 95 ካሬ ብንቀይርበት ይስተካከላል?» ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት መልሱን ራስዎ በግማሽ ቀን ልኬትና በአንድ ገጽ ሂሳብ ማግኘት ይችላሉ። ይህ መመሪያ ያንን ሂሳብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ምሳሌ ይሠራል።

አስቀድሞ አንድ የከተማ ልማድ መተው አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ትራንስፎርመሮች ተቀራርበው ስለቆሙ ባለሙያው ሽቦ የሚመርጠው «ስንት አምፔር ይሸከማል?» ብሎ ነው። ገጠር ላይ ግን ሽቦው ሳይሞቅ፣ ከአቅሙ በግማሽ ጫና ብቻ እየሠራ፣ ጫፉ ላይ ያለው ቮልቴጅ ሊሞት ይችላል። እዚያ ወሳኙ አምፔሩ ብቻ ሳይሆን አምፔሩ የሚጓዝበት ርቀት ነው።

ለልኬቱ የሚያስፈልጉ

- ሁለት የቮልቴጅ መለኪያ (መልቲሜትር)፣ አንዱ ለትራንስፎርመሩ ጫፍ አንዱ ለመስመሩ መጨረሻ
- አንድ ክላምፕ ሜትር
- ሁለት ሰውና ሁለት ስልክ፣ ምክንያቱም ልኬቱ በአንድ ደቂቃ ላይ መወሰድ አለበት
- የምሰሶዎቹን ርቀት ለመለካት ሜትር፤ ምሰሶዎቹ በእኩል ርቀት ከተተከሉ አንዱን ለክቶ ማባዛት ይበቃል
- የኢንሱሌሽን ጓንት፣ የፊት መከላከያና ደረቅ መሰላል

ማስጠንቀቂያ። የትራንስፎርመሩን የዝቅተኛ ቮልቴጅ ሳጥን የሚከፍተውና መስመሩን የሚነካው የመስመሩ ባለቤት የሆነው ተቋም ሠራተኛ ወይም የፈቀደለት ሰው ብቻ ነው። የመስመሩ ጫፍ ቮልቴጅ ግን ደንበኛው ቤት ከቆጣሪው በኋላ ካለው ብሬከር ላይ ሊለካ ይችላል።

1. ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ሰዓት ይለኩ

ጫናው ከፍ በሚልበት ሰዓት፣ ብዙ ቦታ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ወፍጮውም እየሠራ ሳለ፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል ያለውን ቮልቴጅ ትራንስፎርመሩ ሥርና መስመሩ ጫፍ ላይ እኩል ይለኩ። በአፍ 220 ብንለውም የትራንስፎርመሩ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በሁለት ፌዝ መካከል 400፣ ማለት በፌዝና በኒውትራል መካከል 230 ስለሆነ እዚህ የምንቆጥረው በ230 ቮልት ነው።

ይህ ልኬት ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። ትራንስፎርመሩ ሥር ራሱ 210 ቮልት ካገኙ ችግሩ ከትራንስፎርመሩ በላይ ወይም ውስጡ ነው፤ የ15 ኪሎ ቮልቱ መስመር ደክሟል፣ ትራንስፎርመሩ ተጭኗል ወይም የቮልቴጅ ደረጃ መቀየሪያው፣ ማለት ታፑ፣ ትክክል አይደለም። ያኔ የታችኛውን ሽቦ ማወፈር ምንም አይፈይድም። ትራንስፎርመሩ ሥር ደህና ሆኖ ጫፉ ላይ ከወረደ ብቻ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፉት።

የእኛ ምሳሌ፦ 100 ኬቪኤ ትራንስፎርመር፣ 1.2 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው 50 ካሬ አሉሚኒየም ኤቢሲ ኬብል፣ ማለት የተሸፈኑ ሽቦዎች አንድ ላይ የተጠመዘዙበት፣ ትራንስፎርመሩ ሥር 230 ቮልት፣ ጫፉ ላይ 182 ቮልት።

2. የሦስቱን ፌዝና የኒውትራሉን ከረንት ይለኩ

በዚያው ሰዓት ከትራንስፎርመሩ በሚወጣው መስመር ላይ እያንዳንዱን ፌዝ፣ ከዚያም ኒውትራሉን ይለኩ። ለምሳሌ 110፣ 70 እና 48 አምፔር ካገኙ ኒውትራሉ ላይ ወደ 54 አምፔር ያህል ይኖራል፤ ይህ መስመር ምንም ሳይገዛለት በመጀመሪያ ቤቶቹን በፌዝ ማከፋፈል አለበት። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ጫናው ሦስቱ ላይ እኩል ሲሆን ኒውትራሉ ባዶ ነው፣ ቮልቴጅ የሚወርደው በመሄጃው ሽቦ ብቻ ነው። ያው ጫና አንድ ፌዝ ላይ ቢከመር ከረንቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ መንገዱም በኒውትራሉ መመለሻ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ የቮልቴጁ መውረድ ስድስት እጥፍ ያድጋል። ማንኛውም ወፍራም ሽቦ ይህን አያካክስም።

ማከፋፈሉን መስመሩ መነሻ ላይ ብቻ አይፍረዱበት። መነሻው ላይ እኩል ሆኖ ታች ሰፈር ሁሉም ቤት በአንድ ፌዝ የተንጠለጠለበት መስመር ብዙ ነው። በየሰፈሩ ይለኩ።

የእኛው መስመር ላይ 78፣ 75 እና 76 አምፔር፣ ኒውትራሉ ላይ 3 አምፔር ያህል ተገኝቷል። የተመጣጠነ ነው፤ ስለዚህ በአማካይ 76 አምፔር ይዘን እንቀጥላለን።

3. አምፔሩን በኪሎ ሜትር ያባዙና ይደምሩ

መስመሩን ወረቀት ላይ ይሳሉና በየሰፈሩ የሚወጣውን ጫና ያስቀምጡ። የእኛው ሦስት ሰፈር አለው፦ በ400 ሜትር «ላይ ሰፈር» 20 አምፔር፣ በ800 ሜትር መሃል ሰፈር 16 አምፔር፣ በ1,200 ሜትር ታች ሰፈር ለቤቶች 12 እና ለወፍጮ 28 አምፔር፣ በድምሩ 40።

እያንዳንዱ የመስመር ክፍል የሚሸከመው ከእሱ በታች ያለውን ሁሉ ነው። የመጀመሪያው 400 ሜትር 76፣ ሁለተኛው 56፣ ሦስተኛው 40 አምፔር ይሸከማል።

```
76 × 0.4 = 30.4
56 × 0.4 = 22.4
40 × 0.4 = 16.0
M = 68.8 A·km
```

ይህ 68.8 የመስመሩን ሸክም በአንድ ቁጥር የሚናገር ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል፣ ስለዚህ ርቀቱን በግምት አይሙሉት።

4. የወረደውን ቮልቴጅ በሂሳብ ያግኙና ከልኬቱ ጋር ያስተያዩ

የወረደው ቮልቴጅ ከላይ ያለው ድምር በሽቦው ቁጥር ሲባዛ ነው። የሽቦውን ቁጥር K እንበለው፤ አንድ አምፔር በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ ስንት ቮልት እንደሚያስወርድ ይናገራል።

```
dV = M × K
K = R × 0.9 + X × 0.44
```

እዚህ R የሽቦው ሬዚስታንስ፣ X ሪአክታንሱ ነው፣ ሁለቱም በኦም ለአንድ ኪሎ ሜትር፤ 0.9 የጫናው ፓወር ፋክተር ነው፣ 0.44 ከእሱ የሚመጣ ነው። ለአሉሚኒየም ኤቢሲ ኬብል፣ ሽቦው 50 ዲግሪ ያህል ሞቆ ሲሠራ፣ የሚከተሉትን ይጠቀሙ፦

- 25 ካሬ፦ 1.25
- 35 ካሬ፦ 0.91
- 50 ካሬ፦ 0.68
- 70 ካሬ፦ 0.48
- 95 ካሬ፦ 0.36
- 120 ካሬ፦ 0.29
- 150 ካሬ፦ 0.25

መስመሩ ተነጣጥሎ የተዘረጋ ራቁት ሽቦ ከሆነ እያንዳንዱ ቁጥር ላይ 0.1 ያህል ይጨምሩ። በተነጣጠሉ ሽቦዎች መካከል ያለው ክፍተት ሪአክታንሱን ስለሚያሳድግ ነው፣ እሱ ደግሞ ሽቦ በማወፈር ብዙም አይቀንስም። ራቁት መስመር ላይ ከ95 ካሬ በላይ መውጣት ትርፉ ትንሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛው፦ 68.8 × 0.68 = 46.8 ቮልት። ከ230 ሲቀነስ 183 ይቀራል፤ የለካነው 182 ነው። ሂሳቡና ልኬቱ ተገናኝተዋል፣ ማለት መስመሩ ጤነኛ ነው፣ ነገር ግን ረጅም ነው።

ልኬቱ ከሂሳቡ ከ15 በመቶ በላይ ቢብስ ግን ሽቦ አይግዙ። የሆነ ቦታ መጥፎ ማያያዣ አለ። ብዙውን ጊዜ መዳብ ከአሉሚኒየም ጋር በእጅ የተጠመዘዘበት ወይም የኬብሉን ሽፋን የሚበሳው ኮኔክተር በደንብ ያልጠበቀበት ምሰሶ ነው። በ40 አምፔር 5 ቮልት የሚበላ ማያያዣ 200 ዋት ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ያመነጫል፤ ሽፋኑ ይጠቁራል፣ ምሽት ላይ ሊጨስ ወይም ሊፈነጥቅ ይችላል። በየሰፈሩ ቮልቴጅ እየለኩ ሲወርዱ ከሂሳቡ ድንገት የሚለይበት ክፍል ያጋልጠዋል።

5. መስመሩ የሚፈልገውን የሽቦ ቁጥር ያግኙ

ደንበኛው ከ207 እስከ 253 ቮልት ባለው ውስጥ ሊያገኝ ይገባል፣ ማለት ከ230 አሥር በመቶ ከፍና ዝቅ። ከታች ያለው 23 ቮልት ግን ሁሉም የዚህ መስመር አይደለም። ከፊሉን የ15 ኪሎ ቮልቱ መዋዠቅ፣ ከፊሉን ትራንስፎርመሩ፣ ከፊሉን ከምሰሶ እስከ ቤት ያለው ገመድ ይወስዳል። ለዋናው መስመር ከ6 በመቶ በላይ፣ ማለት ከ13.8 ቮልት በላይ አይስጡት።

```
K = 13.8 ÷ 68.8 = 0.20
```

አሁን ዝርዝሩን ይመልከቱ። 95 ካሬ 0.36 ነው፣ 150 ካሬ እንኳ 0.25 ነው። ይህን መስመር የሚያድን ሽቦ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሁሉም 95 ካሬ ቢቀየር 68.8 × 0.36 = 24.8 ቮልት ይወርዳል፤ ጫፉ 205 ላይ ይቆማል። ከ182 ይሻላል፣ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ከወሰኑ በታች ነው፣ አዲስ ቤት ሲገባ ደግሞ ይብሳል።

ውሳኔው እንዲህ ይሰጣል፦

- የሚፈለገው ቁጥር ከ0.40 በላይ ከሆነ ሽቦ ማወፈር ያዋጣል፤ 95 ካሬ ሲገባበት ለጥቂት ዓመት የጫና እድገት የሚሆን ትርፍ ይኖረዋል።
- ከ0.30 በታች ከሆነ ትራንስፎርመር ይጨመር።
- በ0.30 እና በ0.40 መካከል ከሆነ የ15 ኪሎ ቮልቱን መስመር ርቀትና የወፍጮውን አነሳስ (ተራ ቁጥር 6) አይተው ይወስኑ። 15 ኪሎ ቮልቱ ሰፈሩን አቋርጦ የሚያልፍ ከሆነ ወደ ትራንስፎርመር ያዘንብሉ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሽቦውን ውፍረት እጥፍ ማድረግ የወረደውን ቮልቴጅ በግማሽ ያህል ብቻ ይቀንሳል። መስመሩን ለሁለት ከፍለው ለእያንዳንዱ የራሱን ትራንስፎርመር ሲሰጡት ግን ሸክሙም ርቀቱም በግማሽ ይቀንሳሉ፣ ስለዚህ መውረዱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ያው ኃይል በ15 ኪሎ ቮልት ሲጓዝ ደግሞ ከረንቱ ከ400 ቮልቱ በ37 እጥፍ ገደማ ያነሰ ስለሆነ የተዘረጋው 1.2 ኪሎ ሜትር ላይ የሚወርደው ቮልቴጅ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

6. ወፍጮው ሲነሳ የሚሆነውን ያስሉ

በምሳሌው ውስጥ የወፍጮው ሞተር 11 ኪሎዋት ነው፤ ሰሌዳው ላይ ወደ 22 አምፔር ተጽፏል፣ የተለካው ግን 28 ነው። ቮልቴጁ ስለወረደ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ተጨማሪ ከረንት ይስባል፣ በዚህ ላይ ሞተሩ ይግላል። ጠመዝማዛው ተደጋግሞ የሚቃጠልበት ምስጢር ይህ ነው፤ ማስጠምዘዝ መፍትሔ አይሆነውም።

ሲነሳ በቀጥታ ከተያያዘ የሰሌዳውን ስድስት እጥፍ፣ 132 አምፔር ያህል ይጠይቃል። ወፍጮው ሳይሠራ ጫፉ ላይ ያለው 206 ቮልት በዚያች ቅጽበት ወደ 165 ይወድቃል። የሞተር ጉልበት የሚወርደው በቮልቴጁ ካሬ ስለሆነ 165 ቮልት ላይ የሚቀረው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ድንጋዩ ላይ እህል ካለ ሞተሩ አይነሳም፣ ያጉረመርማል፣ የመንደሩ መብራት ሁሉ ይደበዝዛል።

ስታር ዴልታ ማስነሻ የመነሻውን ከረንት ወደ ሲሶ ያወርደዋል፣ ጉልበቱንም እንዲሁ። ስለዚህ ስታር ዴልታ የሚጠቅመው ወፍጮው ባዶውን ሲነሳ ነው፤ እህሉ የሚገባው ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ይሁን።

7. ትራንስፎርመሩ የት ይቁም?

ለመሃልና ለታች ሰፈር በድምሩ 56 አምፔር ያስፈልጋል። 50 ኬቪኤ ትራንስፎርመር 72 አምፔር ስለሚሰጥ ጫናው 78 በመቶ ይሆናል፤ ቮልቴጁ ሲስተካከል ወፍጮው ወደ 22 አምፔር ስለሚመለስ ከዚያም ያንሳል። 25 ኬቪኤ 36 አምፔር ብቻ ስለሆነ አይበቃም።

15 ኪሎ ቮልቱ ያለው የድሮው ትራንስፎርመር ጋ ብቻ ነው እንበል። ሁለት ቦታ ይነጻጸራል።

*መሃል ሰፈር፣ 800 ሜትር ላይ።* 15 ኪሎ ቮልቱ 800 ሜትር ይዘረጋል። ታች ሰፈር 40 × 0.4 × 0.68 = 10.9 ቮልት ይወርድበታል፣ 4.7 በመቶ። ወሰን ውስጥ ነው፣ ግን ጫናው በ30 በመቶ ቢያድግ ወሰኑን ይነካል። ወፍጮው በቀጥታ ከተነሳ በትራንስፎርመሩና በመስመሩ ድምር 15 በመቶ ያህል ለአፍታ ይወርዳል፣ በስታር ዴልታ ከሆነ 5 በመቶ ገደማ።

*ታች ሰፈር፣ 1,200 ሜትር ላይ።* 400 ሜትር ተጨማሪ 15 ኪሎ ቮልት ያስፈልጋል። ወፍጮው ትራንስፎርመሩ ሥር ይሆናል፣ በቀጥታ ቢነሳ እንኳ 7 በመቶ ብቻ ይወርዳል። መሃል ሰፈር ወደ ኋላ ይመገባል፣ 16 × 0.4 × 0.68 = 4.4 ቮልት። ላይ ሰፈር ከድሮው ትራንስፎርመር 5.4 ቮልት ይወርድበታል።

እኛ የምንመክረው ታች ሰፈርን ነው። ወፍጮ ያለበት ቦታ ሁለተኛ ወፍጮም ይከተላል፣ ትራንስፎርመር አንዴ ከቆመ በኋላ ማዛወር ደግሞ የ400 ሜትሩን ቁጠባ ይበላል። በጀቱ በእርግጥ ካልፈቀደ መሃል ሰፈር ይቁም፣ ያኔ ስታር ዴልታው ግዴታ ይሁን።

የብክነቱም ልዩነት ትልቅ ነው። ዛሬ በከፍተኛው ሰዓት መስመሩ ላይ ብቻ 9.1 ኪሎዋት ይቃጠላል፣ ትራንስፎርመሩ ከሚልከው አንድ አምስተኛ ያህሉ። በ95 ካሬ 4.5 ኪሎዋት ይሆናል። አዲስ ትራንስፎርመር ታች ሰፈር ሲቆም ሽቦውና የትራንስፎርመሩ ጠመዝማዛ ተደምረው 1.2 ኪሎዋት ናቸው። ትራንስፎርመሩ ግን ማንም ሳይጠቀምም ቀንና ሌሊት የውስጥ ብረቱ ኃይል ይበላል፤ 190 ዋት ቢሆን በዓመት 1,660 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከፍተኛው ብክነት በዓመት ለ1,300 ሰዓት ያህል እንደቆየ ብንቆጥር ዛሬ ያለው መስመር ወደ 11,800፣ 95 ካሬው 5,850፣ ትራንስፎርመሩ ደግሞ የብረቱ ተደምሮ 3,220 ኪሎዋት ሰዓት ያባክናል። ስትገዙ የብረቱን ብክነት ከፍተሻ ወረቀቱ ላይ ማየት የሚገባው ለዚህ ነው።

8. ፊውዙ ጫፉን እንደሚጠብቅ ያረጋግጡ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ሰው የሚሞተው ግን እዚህ ነው። 1.2 ኪሎ ሜትር ጫፍ ላይ ፌዝና ኒውትራል ቢነካኩ ከረንቱ የሚያልፈው በ1.7 ኦም ስለሆነ 133 አምፔር ብቻ ነው። የ100 አምፔር ፊውዝ ይህን ለሰዓታት ተሸክሞ ላይቆርጥ ይችላል። የወደቀ ሽቦ መሬት ላይ ኃይል ይዞ ይተኛል። በአዲሱ አቀማመጥ ረጅሙ መንገድ 400 ሜትር ስለሚሆን የአጭር ዙሩ ከረንት ወደ 400 አምፔር ያድጋል፤ ወደ መሃል ሰፈር ለሚሄደው መስመር 40 አምፔር ፊውዝ ቢገባ ወዲያው ይቆርጣል።

ለትራንስፎርመሩ ጣቢያ የሚያስፈልጉ

- 50 ኬቪኤ፣ 15/0.4 ኪሎ ቮልት ትራንስፎርመር
- ሁለት ምሰሶና መቀመጫ ብረት
- ሦስት የ15 ኪሎ ቮልት መውደቂያ ፊውዝ፣ ሦስት የመብረቅ መከላከያ
- ለእያንዳንዱ ወጪ መስመር የተለየ ፊውዝ ያለው የዝቅተኛ ቮልቴጅ ሳጥን
- የመሬት ማያያዣ ዘንጎችና መዳብ ሽቦ
- ለ15 ኪሎ ቮልቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ሦስት ሽቦ፣ ምሰሶ፣ ኢንሱሌተር

9. በላይና በመሃል ሰፈር መካከል ያለውን መስመር ይቁረጡ

አዲሱ ኃይል ከመግባቱ በፊት በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ያሉት ሽቦዎች ተቆርጠው ጫፋቸው ይሸፈን፣ ምሰሶውም ላይ «ሁለት ምንጭ» የሚል ምልክት ይደረግ። ካልተቆረጠ ሁለቱ ትራንስፎርመሮች በታች በኩል ይገናኛሉ። ሠራተኛው አንዱን ሲያጠፋ ሌላው ከታች ይመግበዋል፣ የጠፋው ትራንስፎርመርም ላይኛው ጎኑ ላይ 15 ኪሎ ቮልት ያወጣል። ይህ ስህተት ሁለተኛ ዕድል የለውም።

ብዙ የሚሠሩ ስህተቶች

*ታፕ ከፍ አድርጎ መተው።* ታፑ አብዛኛውን ጊዜ በ2.5 በመቶ ደረጃ እስከ 5 በመቶ ከፍ ያደርጋል፣ ማለት 11 ቮልት ያህል። ጫፉን ከ182 ወደ 193 ያመጣዋል፣ ሌሊት ጫና ሲቀንስ ግን ትራንስፎርመሩ አጠገብ ያሉት ቤቶች ወደ 250 ይጠጋሉ፣ የአምፖል ዕድሜ ያጥራል። ታፑ የሚነካውም የ15 ኪሎ ቮልቱ ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ በኋላ ብቻ ነው።

*ጫፉን ብቻ ማወፈር።* ብዙ ሰው የተጎዳው ቤት ያለበትን የመጨረሻ 400 ሜትር ይቀይራል። በእኛው ምሳሌ ከሚወርደው 46.8 ቮልት ውስጥ እዚያ የሚወርደው 10.9 ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው 400 ሜትር ላይ 20.7 ይወርዳል። ከፊሉን ብቻ መቀየር ካለብዎት ከትራንስፎርመሩ ይጀምሩ።

*ፌዙን አወፍሮ ኒውትራሉን መተው።* የቤቶች ጫና ሙሉ በሙሉ አይመጣጠንም፣ የአጭር ዙር ከረንትም የሚመለሰው በእሱ ነው። ኒውትራሉ ከፌዙ እኩል ይሁን።

*ቤት ውስጥ የቮልቴጅ ማረጋጊያ ማብዛት።* ማረጋጊያው ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው ከመስመሩ ተጨማሪ ከረንት ስቦ ነው። አንድ ቤት ይድናል፣ ጎረቤቱ ይብስበታል፣ ሁሉም ሲገዛ መስመሩ ይባስ ይወርዳል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሁለት ልኬት ይውሰዱ፦ ምሽት ጫናው ሲከብድ የየሰፈሩን ጫፍ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ደግሞ ሁለቱንም ትራንስፎርመር ሥር። የሌሊቱ ከ253 ካለፈ ቀድሞ ከፍ የተደረገውን ታፕ ይመልሱ፤ መስመሩ አጥሯልና ከእንግዲህ አያስፈልገውም።